ሁለቱ አሥሮች፦ የስጋት ማትሪክስ ስናዘጋጅ የተማርኩት

ባለ ሁለት ምድር ቤት ሕንፃ ልንጀምር ስንል የስጋት ማትሪክሱን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ለመከሰት ዕድሉ ከ1 እስከ 5፣ ለሚያደርሰው ጉዳትም ከ1 እስከ 5 ሰጥቶ ማባዛት ነውና ቀላል መስሎኝ ነበር። ሳይት መሐንዲሱን፣ ፎርማኑን፣ የግዥ ባለሙያውንና የደኅንነት ኃላፊውን ሰብስቤ በግማሽ ቀን ለ27 ስጋቶች ነጥብ ሰጠን። ውጤቱን ስደረድረው ግን ከሃያ የሚበልጡት 9 ወይም 12 ላይ ተከማችተዋል። ሰው ሲጠራጠር 3 ይሰጣል፤ አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ደግሞ ሌላው ከእሱ ቁጥር ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ ወረቀቱን ጥዬ ከቁጥሮቹ ትርጉም ጀመርኩ። የመከሰት ዕድል 5 ማለት ባለፉት ሥራዎቻችን በአብዛኛዎቹ ያጋጠመን፣ 1 ማለት በእኛ ሥራ ላይ ደርሶ የማያውቅ እንዲሆን ተስማማን። ጉዳት 3 የማስረከቢያውን ቀን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚያዘገይ፣ 5 ደግሞ ሰው የሚሞትበት ወይም ከውሉ ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ የሚያሳጣ ሆነ። አንድ ስጋት ጊዜንም ገንዘብንም ሰውንም የሚነካ ከሆነ ከፍተኛውን ነጥብ ወሰድን፤ አማካይ ብንወስድ ሞት በሁለት ትናንሽ ቁጥሮች ይሸፈን ነበር። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ሳይነጋገር በየወረቀቱ ጻፈ፤ የተወያየነው በሁለትና ከዚያ በላይ በተለያየንባቸው ላይ ብቻ ነው።

የስጋቶቹንም አጻጻፍ ቀየርን። መጀመሪያ መዝገቡ ላይ «ዝናብ» የሚል ሰፍሮ ነበር። ዝናብ ምክንያት እንጂ ስጋት አይደለም፤ ለእሱ ነጥብ ስትሰጥ አንዱ ስለ ጭቃ፣ ሌላው ስለ ኮንክሪት ያስባል። «ዝናብ አፈሩን አርሶ የቁፋሮው ግድግዳ ይናዳል፣ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ይቀበራል» ብለን ስንጽፈው ግን ሁሉም ስለ አንድ ነገር ማሰብ ጀመረ።

ለዚህ ስጋት ዕድሉን 2፣ ጉዳቱን 5 ሰጠነው፤ 10 ሆነ። የሥራ ንድፎች ዘግይተው መድረስ ደግሞ ዕድሉ 5፣ ጉዳቱ 2፤ እሱም 10። የፌሮ መዘግየት 4 ሲባዛ በ3፣ 12 ሆኖ ከሁለቱም በላይ ተቀመጠ። ፎርማኑ ዝርዝሩን አይቶ፣ «ኢንጂነር፣ ፌሮ ቢዘገይ እንጠብቃለን። አፈር የወደቀበትን ሰው ግን ምን ብለን እንጠብቃለን?» አለኝ። ልክ ነበር። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል። እነዚህ ነጥቦች የደረጃ ቁጥሮች ናቸው፤ 4 የ2 እጥፍ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ብዜታቸው እኩል ስለሆነ ብቻ ስጋቶቹ እኩል አይሆኑም። በሰው ሕይወት ላይ 5 ያገኘ ስጋት ዕድሉ ምንም ያህል ቢያንስ ከሁሉም እንዲቀድም፣ ምላሹ ሳይዘጋጅም ሥራው እንዳይጀመር ወሰንን።

የቁፋሮው ጥልቀት 6 ሜትር ነበር። ባዶ ቦታ ባለባቸው ሦስት ጎኖች ግድግዳውን አጋድመን ለመቁረጥ ተስማማን፤ ከጎረቤት ሕንፃ በኩል ግን ቦታ ስለሌለ የአፈር መደገፊያ በመዋቅር መሐንዲስ ተነደፈ። የተቆፈረው አፈር ከአፋፉ እንዲርቅ፣ ጉድጓዱም በየጠዋቱና ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ሰው ከመግባቱ በፊት እንዲታይ አደረግን። ከምላሹ በኋላ እንደገና ነጥብ ስንሰጥ አንድ ባልደረባችን ጉዳቱን ወደ 3 ማውረድ ፈለገ። ማጋደሉና መደገፊያው የመናዱን ዕድል ወደ 1 ያወርዳሉ፤ ከተናደ ግን አፈሩ ያው አፈር ነው። ኢንሹራንስም ቢሆን የሚሸከመው የገንዘቡን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ቀሪ ስጋቱ 1 ሲባዛ በ5 ሆኖ ተመዘገበ፤ ከሁሉም እንደሚቀድም ለማሳየት የቀባነውን ቀይ ቀለምም አላነሳንለትም።

ሌላ ያልጠበቅሁት ነገር የቀን ጉዳይ ነው። ፌሮ ታዞ እስኪደርስ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ የመሠረቱ ፌሮ የሚያስፈልገን ደግሞ በዘጠነኛው ሳምንት ነበር። ቁፋሮው በበኩሉ የሚጀመረው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ በደረጃ ዝቅ ያለው የፌሮ ትዕዛዝ በዚያው ሳምንት ተፈረመ፤ የመደገፊያው ንድፍም ጎን ለጎን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በመዝገቡ ላይ ከነጥቡ ቀጥሎ «ለውሳኔ የመጨረሻው ቀን» የሚል ዓምድና የአንድ ኃላፊ ስም አለ። የቡድን ስም የሰፈረባቸው ምላሾች በመጀመሪያው ወር ሳይነኩ ቀርተው ነበር።

ቁፋሮው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ ፎርማኑ አጋድመን ከቆረጥናቸው ጎኖች በአንዱ ከአፋፉ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ከአፋፉ ጋር ትይዩ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አየ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ አፈሩ መንሸራተት መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል። ማንንም ወደ ጉድጓዱ ሳያስገባ ደወለልኝ። የመከሰት ዕድሉን የዚያኑ ዕለት ከ1 ወደ 4 ከፍ አድርገን ሥራውን አቆምን፤ ጎኑንም ይበልጥ አጋድመን ቆረጥነው። ሁለት ቀን ወሰደብን።