ቀለሙ የጠፋው እጭ፦ የወንዝ ባዮቲክ ኢንዴክስ ሪፖርቴን እንደገና ስጽፍ

ከአዲስ አበባ ትንንሽ ወንዞች በአንዱ ላይ ያደረግነውን የተግባር ልምምድ በሪፖርት ስጽፍ የሚያስቸግረኝ የውይይቱ ክፍል ይመስለኝ ነበር፤ ስህተቱ የተገኘው ግን በዘዴው ክፍል ውስጥ ነው።

ሥራችን ከመንደሮቹ በላይና በታች ካሉ ሁለት ቦታዎች ኢ-ደንደሴ እንስሳትን በመረብ ሰብስቦ፣ ተመራማሪው ሂልሰንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመውን የፋሚሊ ባዮቲክ ኢንዴክስ ማስላት ነበር። እያንዳንዱ ፋሚሊ ኦርጋኒክ ብክለትን በሚቋቋምበት መጠን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ የነጥቦቹ አማካይ ከፍ ሲል ውሃው ይበልጥ ተበክሏል ማለት ነው።

```
FBI = Σ(n × t) / N
```

n የአንዱ ፋሚሊ እንስሳት ቁጥር፣ t የፋሚሊው ነጥብ፣ N የተቆጠሩት እንስሳት ሁሉ ብዛት ነው። ከላይኛው ቦታ 4.56 አገኘሁ፤ ይህም «ጥሩ» ከሚለው ደረጃ ውስጥ ነው። ከታችኛው ቦታ ከቆጠርኳቸው 100 እንስሳት 60ዎቹ ኪሮኖሚዴ የሚባሉት የማይናከሱ ትንኞች እጮች፣ 22ቱ ትሎች፣ 10ሩ ፋይሲዴ ቀንድ አውጣዎች፣ 8ቱ ቤቲዴ የሚባሉ ትንንሽ የውሃ ነፍሳት ነበሩ። ለእጮቹ 6፣ ለትሎቹና ለቀንድ አውጣዎቹ 8፣ ለቤቲዴ 4 ሰጥቼ ሳሰላ 6.48 ወጣ።

ሆኖም የሥራ ጓደኛዬ በወንዙ ዳር በያዘችው ማስታወሻ ላይ «ቀይ እጭ በብዛት» የሚል ነበር። ደም የመሰለ ቀለም ያላቸው ኪሮኖሚዴዎች ነጥባቸው 8 እንጂ 6 አይደለም፤ ቀለሙን የሚሰጣቸው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ እንዲኖሩ ያግዛቸዋል። እኔ ደግሞ የታችኛውን ናሙና አልኮል ውስጥ ካሳደርኩ በኋላ ስለለየሁት ቀለሙ ደብዝዞ ሁሉም ነጣ ብለው ታዩኝ። እጮቹን እንደገና በማይክሮስኮፕ ስመረምር በሁሉም ላይ፣ ከሆዳቸው ጫፍ አጠገብ፣ ጣት የመሰሉ ሁለት ጥንድ ቱቦዎች አገኘሁ፤ ይህ ኪሮኖመስ የተባለውን ዝርያ ክፍል ከሚያሳውቁት ምልክቶች አንዱ ሲሆን አልኮል አያጠፋውም። በ8 ሳሰላው ውጤቱ 7.68፣ ደረጃውም «እጅግ መጥፎ» ሆነ። አንድ የቀለም መደብዘዝ ወንዙን ሁለት ደረጃ አሻሽሎት ነበር።

ስለዚህ በዘዴው ክፍል መረቡንና የቆጠራውን መጠን ብቻ ሳይሆን የትኛው ናሙና በሕይወት፣ የትኛው ከአልኮል በኋላ እንደተለየና ቀዮቹ በምን ምልክት እንደታወቁ ጻፍኩ። በውጤቱ ክፍል ቆጠራውንና 7.68ን ያለ ማብራሪያ አስቀመጥኩ።

በውይይቱ «ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገሬን ሰርዤዋለሁ፤ ኢንዴክሱ የሚለካው በኦርጋኒክ ብክለት ምክንያት የሚደርስ የኦክስጅን እጥረትን ስለሆነ የብክለቱን ባለቤት አያሳይም፣ ለከባድ ብረቶችም አልተሠራም። ነጥቦቹ የተወሰኑት ለአሜሪካው ዊስኮንሰን ወንዞች መሆኑንም ጠቅሻለሁ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን ላይኛው ናሙና በድንጋይ መካከል ከሚፈስ ውሃ፣ ታችኛው ከረጋና ጭቃማ ቦታ መወሰዱ ነው፤ ትሎች ንጹሕም ቢሆን ጭቃ ስለሚወዱ ከልዩነቱ የተወሰነው የመኖሪያው እንጂ የብክለቱ ላይሆን ይችላል። በሚቀጥለው ጉዞ ከታችኛው ቦታ ዝቅ ብሎ ካለው ድንጋያማ ፈሰስ ናሙና ወስደን፣ ሁለቱንም በዚያው ቀን በሕይወት እንለያቸዋለን።