የቁጠባ ምጣኔ ሲጨምር ካፒታል የት ላይ ይቆማል? ከሶሎው ሞዴል ጥናቴ

እዚህ ሐዋሳ ማታ ማታ እየተገናኘን ማክሮ ኢኮኖሚክስ የምናጠና ጓደኞች የሶሎውን የዕድገት ሞዴል ከጀመርን ወዲህ፣ እኔ ከሁሉ ይልቅ የቆየሁት አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ አንድ አገር የቁጠባ ምጣኔዋን ከፍ ብታደርግ በነፍስ ወከፍ ለሠራተኛው የሚደርሰው ካፒታል ምን ይሆናል? ሮበርት ሶሎው በ1956 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሞዴል፣ ካፒታሉ ያድጋል፣ ዕድገቱ ግን መቆሚያ አለው ይላል። ቁጠባውንና ካፒታሉን ባለበት ለማቆየት የሚያስፈልገውን መጠን የሚያሳዩትን ሁለት መስመሮች በግራፍ ላይ ማቋረጥ ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ በመካከል ያለውን ጉዞ የሚያሳየው ግን ዓመት በዓመት ማስላት ነው።

በሞዴሉ ውስጥ ካፒታልን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚስቡ ሁለት ኃይሎች አሉ። በአንድ በኩል ከምርቱ የተቆጠበው ክፍል ወደ ኢንቨስትመንት ይገባል። በሌላ በኩል ማሽንና ሕንፃ ያረጃል፣ የሠራተኛው ቁጥርም ስለሚጨምር ያለው ካፒታል ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ስቴዲ ስቴት የምንለው ቋሚ ሁኔታ ይመጣል። ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ሐይቃችን ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከላይ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለውም፤ የሚገባው ሲበዛ ሐይቁ ይሰፋል፣ ሲሰፋም የሚተነው ውኃ ይጨምራል፣ እንዲህ እያለ መግቢያና መውጫው እኩል የሚሆኑበት ከፍታ ላይ ይረጋል። ልዩነቱ፣ ወንዙ የሐይቁን መጠን አይቶ አይፈስም፤ ቁጠባ ግን ካፒታሉ ራሱ ከሚያስገኘው ምርት የሚመጣ ነው።

ለስሌቱ ቀላል ቁጥሮችን መርጫለሁ። የአንድ ሠራተኛ ምርት የካፒታሉ ስኩዌር ሩት ነው እንበል፤ ስለዚህ ካፒታሉ በተጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ጭማሪ ፍሬ እያነሰ ይሄዳል። እርጅናው በዓመት 5 በመቶ፣ የሠራተኛው ቁጥር ዕድገት 3 በመቶ ይሁን፤ ድምሩ 8 በመቶ ነው። የቁጠባ ምጣኔው 16 በመቶ ሲሆን ካፒታሉ 4፣ ምርቱ 2 ላይ ይረጋል፤ የሚቆጠበው 0.32 ነው፣ ካፒታሉን ባለበት ለማቆየት የሚያስፈልገውም ያው 0.32 ነው። አሁን ምጣኔው በአንድ ጊዜ 24 በመቶ ሆነ እንበል። ኤክሴል ላይ በ`A2` ውስጥ 4 ጽፌ፣ በ`A3` የሚከተለውን አስገብቼ ወደ ታች ሳብኩት።

```
=A2+0.24*SQRT(A2)-0.08*A2
```

በመጀመሪያው ዓመት የሚቆጠበው 0.48 ሲሆን የሚያስፈልገው ግን 0.32 ብቻ ስለሆነ፣ ካፒታሉ በ0.16 ጨምሮ 4.16 ይሆናል፤ ይህም የ4 በመቶ ዕድገት ነው። በተከታዩ ዓመት ዕድገቱ ወደ 3.8 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያም እየሳሳ ይሄዳል። አዲሱ ማረፊያ ካፒታል 9፣ ምርት 3 ነው። የምርቱን መንገድ ግማሽ ለመጨረስ ብቻ ወደ 17 ዓመት ይወስዳል፤ ስለዚህ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ዓመት የተመዘገበ መረጃ ብቻ የሚያይ ሰው፣ ቁጠባ ዘላቂ ዕድገት ያመጣል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሞዴሉ የሚለው ግን የሚለወጠው የካፒታሉ ከፍታ እንጂ የረጅም ጊዜ የዕድገት ፍጥነቱ አይደለም ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ የፍጆታው ጉዞ ነው። ከለውጡ በፊት ፍጆታው 1.68 ነበር፤ በለውጡ ዓመት፣ ምርቱ ገና 2 ሳለ፣ ወደ 1.52 ይወርዳል። የቀድሞውን መጠን የሚያልፈው ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፣ መጨረሻም 2.28 ላይ ይደርሳል። ከቡድናችን አንዷ፣ «ታዲያ በነዚያ ስድስት ዓመታት ጡረታ የሚወጣውስ?» ብላ ጠየቀች። ሞዴሉ የቁጠባ ምጣኔውን ከውጭ የተሰጠ አድርጎ ስለሚወስድ፣ ማን ከፍሎ ማን እንደሚጠቀም አይነግረንም።

ስኩዌር ሩት ስሌቱን ያቀልላል እንጂ የቁጠባን ጉልበት ያጋንናል፤ ምክንያቱም ካፒታል ከምርቱ ግማሹን ይወስዳል እንደ ማለት ነው፣ የተለመደው ግምት ግን ሲሶ ገደማ ነው። በሲሶው ሳሰላው፣ ያው ከ16 ወደ 24 በመቶ የሆነው ለውጥ በቋሚው ሁኔታ ካፒታሉን በ84 በመቶ ያህል ሲያሳድገው፣ ምርቱን ግን የሚያሳድገው በ22 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በፊተኛው ስሌት ጭማሪው 50 በመቶ ነበር። በሀብታምና በድሃ አገሮች መካከል ያለው የነፍስ ወከፍ ገቢ ልዩነት አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ በሚሆንበት ቦታ፣ የቁጠባ ምጣኔ ብቻውን ያንን ሊያስረዳ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።