የሲባጎው ቋጠሮ

አያቴ መቀነቷን ስትታጠቅ ማንም አያስቸኩላትም። ጠዋት ግድግዳውን ተደግፋ ትቆምና አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር እያለች ወገቧ ላይ ታጠነክረዋለች። ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ ቢጠራት እንኳ የመጨረሻውን ዙር ሳትጨርስ «አቤት» አትልም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁርሴን ጎርሼ ወደ ትምህርት ቤት ስበር ከኋላዬ የምትጥልብኝ ቃል አንድ ነበር፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» የጫማዬን ክር ማለቷ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ መስማቱንም ተውኩት፤ የዶሮ ጩኸት የሚሰማው ለእንግዳ እንደሆነው።

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ያለውን ሥራዬን ትቼ ቡሬ ዙሪያ ወዳለው ቤታችን ተመለስኩ። ሐሳቤ ማር ነበር። አያቴ ታዛው ስር አራት ባህላዊ ቀፎ አላት። ከሐረግ ተሠርተው በእበት የተለቀለቁ፣ እንደ ግንድ የረዘሙ ቀፎዎች ናቸው። ከአንዱ በዓመት ስድስት ሰባት ኪሎ ማር ቢገኝ ነው። በዘመናዊ ቀፎ ግን ከዚያ ሁለት ሦስት እጥፍ ይገኛል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በስልኬም ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር አይቻለሁ። ባጠራቀምኳት ብር ሁለት ባለ አሥር ፍሬም ቀፎ ገዛሁ። ከዚያም አልፌ ቡሬ ከተማ ውስጥ ላለ አንድ ነጋዴ ለኅዳር ሃያ ኪሎ ማር አቀርባለሁ ብዬ 1,000 ብር ቀብድ ተቀበልኩ። ማሩ ገና አበባ እንኳ አልሆነም።

«አደይ ይፈንዳ፣ ኑጉ ያብብ፣ ያኔ ታዛውረዋለህ» አለችኝ አያቴ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ቃል በቃል ባይሆንም ያንኑ ነገረኝ። በሐምሌ ንብ የሚቀስመው የለውም፣ ብርዱም እጩን ይገድለዋል አለኝ። እኔ ግን እስከ መስከረም ብጠብቅ የጥቅምቱ ማር ያመልጠኛል ብዬ ሰጋሁ።

«እምዬ፣ ዘመናዊ ቀፎ እኮ ነው፣ ዝናብ አያስገባም» አልኳት።

«ሲሮጡ የታጠቁት...» ብላ ጀመረች። እኔ ጨረስኩላትና ሳቅኩ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ጊዜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ፀሐይ ልትገባ ስለሆነ ልብሱን የለበስኩት እየሄድኩ ነው። ሱሪውን ቦቲው ውስጥ መክተት ሲገባኝ ከላይ ለቀቅኩት፣ ወገቤንም በአንድ ቋጠሮ ብቻ አሰርኩት። ቀፎውን ከኋላ ከፍቼ ከአፉ በኩል ጢስ ስሰጥ ገና ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ አንዷ በቁርጭምጭሚቴ ገብታ ወደ ላይ ትሄድ ጀመር። ከዚያ ሌላዋ። ማጨሻውን ጥዬ ወደ ጎመን መደቡ ስሮጥ ወገቤ ላይ ያሰርኩት ተፈትቶ ሱሪዬ ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ስድስት ቦታ ተነደፍኩ። የአክስቴ ልጆች እስከ ዛሬ በየሠርጉ ያወሩታል። ያን ቀን ማታ እግሬ አብጦ ተኝቼ የአያቴ ተረት ገባኝ አልኩ። ለካ ልብስ ማለቷ ነው። እንዲህ በቀላሉ የገባኝ መስሎኝ ቀለል አለኝ።

ማታውኑ ግን ልብሴን አጥብቄ ተመልሼ ሥራውን ጨርሼው ነበር። ጥፋቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ባህላዊ ቀፎ ውስጥ የሰሙ እንጀራ ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ ነው የሚሠራው። ለማዛወር አንድ በአንድ በቢላ ይቆረጥና በዘመናዊው ቀፎ የእንጨት ፍሬም ልክ ተስተካክሎ በሲባጎ ይታሰራል፤ ንቦቹ ራሳቸው እስኪያጣብቁት ድረስ የሚይዘው ያ ሲባጎ ብቻ ነው። መታሰር ያለበት እጭ ያለበት እንጀራ ነው፣ እሱም ላይና ታቹ ሳይገለበጥ። ማር የያዘው ከባድ ስለሆነ አይታሰርም፣ ለብቻው ይወጣል። እኔ በባትሪ መብራት የማሩንም የእጩንም አንድ ላይ አሰርኩ። ሲባጎውን እዚያው በጥርሴ እየቆረጥኩ፣ ማር በነካው እጄ እያንሸራተተኝ፣ አንዱን በሁለት ዙር፣ አንዱን በአንድ። አውራዋንም አላየኋትም። ባለሙያው ንግሥት ይላታል፣ አያቴ አውራ ነው የምትለው። ከንቡ ጋር ገብታ ይሆናል ብዬ ክዳኑን ደፋሁት።

በሦስተኛው ቀን ከቀፎው አፍ ማር ሲንጠባጠብ አየሁ፤ ከስሩ ጉንዳን ተሰልፏል። ስከፍተው ሁለት እንጀራ ከፍሬማቸው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ማሩ ከብዶ ሲባጎውን አላልቶታል፣ ሲወድቁም አጠገባቸው ያለውን እጭ ጨፍልቀውታል። ሽታው ይኼ ነው ልል አልችልም፤ የጎመዘዘ ነገር ነው። ክዳኑን ይዤ ቆምኩ። ቋጠሮዎቹ በእርግጥ ተፈትተው ነበር፣ ስሮጥ ያሰርኳቸው። ተረቱ ልብስ ብቻ አለመሆኑ ያኔ ነው ጥርጣሬ ያሳደረብኝ።

ንብ ሊሄድ ሲል ይናገራል፣ ሰሚ ካገኘ። አራተኛው ቀን ላይ ዕለቱ ብራ ሆኖ እያለ በእግሯ ቢጫ ዱቄት ይዛ የምትገባ ንብ አልነበረችም። በሩ ላይ የሚጠብቁትም ጠፍተዋል። ጉንዳን ሲገባ ዝም ይሉታል። ዛሬ ይህን ባይ ወዲያው ስኳር በጥብጬ እሰጣለሁ፣ አፉን አጠባለሁ፣ የወደቀውን አወጣለሁ። ያኔ ግን ተረጋጉ ብዬ ደስ አለኝ። በአምስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ጢስ ተነሥተው ከዋንዛው በላይ አለፉ። እኔ ጣሳ እየደበደብኩ ተከተልኩ። አያቴ ከበሩ ሳትነቃነቅ «ተወው፣ ይሂድ» አለች።

መንጋ ሲከፈል ግማሹ ይቀራል፣ የአውራ ቤትም ተንጠልጥሎ ይገኛል። እኔ ቀፎ ውስጥ ግን የቀረ ነገር የለም፤ የሞተ እጭና ሲባጎ ብቻ።

ኅዳር ሲደርስ ነጋዴው ሰው ላከ። ማር የለም፣ ቀብዱንም በልቼዋለሁ። ለአያቴ ስነግራት አልተቆጣችም። መቀነቷን አነሣች፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ያዘች። ያ ቋጠሮ መቼ እንደታሰረ እግዜር ይወቅ። በጥፍሯ ስትሞክር፣ በጥርሷ ስታላላ፣ ደግሞ በጥፍሯ፣ አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ላግዝሽ አልኳት፣ እጄን ገፋችው። በመጨረሻ የተጣጠፉ አሥር አሥር ብሮችና ሁለት ባለ መቶ ወጡ። የቀረውን ሁለተኛውን ቀፎ ሸጬ ሞላሁ። ስለ ተረቷ አንድም ቃል አልተናገረችም። ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ከእሷ ጋር ዋልኩ። ድሮ ሥራ ፈትነት ይመስለኝ የነበረውን ነገር ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። ለሚመጣ መንጋ የምታዘጋጀውን ቀፎ እበት ቀብታ ፀሐይ ላይ ታውለዋለች፣ ስንጥቁን አይታ ትደግመዋለች፣ በጥንጁትና በወይራ ጢስ ታጥነዋለች፣ ከዚያም ዋንዛው ላይ ሰቅላ ዘወር አትልበትም። ንቡ ሊገባ ሲመጣ እሷ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ናት።

መስከረም 2012 ላይ ኑጉ ማሳውን ቢጫ ሲያደርገው ለሁለተኛ ጊዜ ሞከርኩ። ባዶውን ቀፎ አጥኜ ቀድሜ አስቀመጥኩት። ከሁለት ቀን በፊት ሲባጎውን በእኩል ልክ ቆርጬ፣ ለየፍሬሙ ሦስት ሦስት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ፍሬሙን ከላዩ፣ እንጀራውን በፍሬሙ ውስጥ፣ ከዚያ ሲባጎውን ከግራና ከቀኝ አንሥቶ ማሰር ብቻ ነው የሚቀረው። በካርቶን ቁራጭ ተለማመድኩ። አያቴ እያለፈች ካርቶን ሳስር አየችኝና ምንም ሳትል ሄደች።

በዕለቱ እጭ ያለበትን አራት እንጀራ ብቻ አሰርኩ፣ እንደነበረው ቀጥ አድርጌ፣ መሐል ላይ አጠጋግቼ። ማሩን ለይቼ አወጣሁ። አውራዋን ሦስተኛው እንጀራ ላይ አገኘኋት። ረዘም ያለች፣ ከሌሎቹ የምትዘገይ ናት። በመርፌ በበሳሁት የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስገብቼ ከእጮቹ መካከል ሰቀልኳትና በማግስቱ ማታ ለቀቅኳት። ሳምንት ሙሉ ምሽት ላይ አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውኃ በጥብጬ ከክዳኑ ስር አደርግላቸው ነበር፤ ውጭ ከፈሰሰ ጉንዳንና የሌላ ቀፎ ንብ ይጠራል።

ከነካሁት ምን አጠፋ ይሆን እያልኩ ለስምንት ቀን ፍሬሞቹን አንሥቼ ሳላይ ቆየሁ። ዘጠነኛው ቀን ጠዋት በቀፎው በር ስር፣ መሬቱ ላይ፣ ጭገር የመሰለ ነገር ተበትኖ አገኘሁ። አንዲት ንብ ከውስጥ አንድ ክር እየጎተተች ወጣች፣ በሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ለቀቀችው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ሲባጎዬ ነው፤ አኝከው ጭረት ጭረት አድርገውታል። ክዳኑን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። እንጀራዎቹ ከፍሬሙ እንጨት ጋር በአዲስ ነጭ ሰም ተያይዘዋል፣ ሲባጎው ከላዩ ላይ ግማሹ ተበልቷል።

አያቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ጎንበስ ብላ ከመሬት ላይ አንድ ጭረት አነሣችና በሁለት ጣቷ እያሸች አየችው።

«ፈቱት?»

«ፈቱት፣ እምዬ።»

«ቀስ ብለው ነው የፈቱት» አለችና ክሩን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቤት ገባች።