የጎኑ መስታወት የሚጀምርበት ቦታ፦ የፓዴል ሰርቪሴን ያስተካከለልኝ ልኬት

በመስታወትና በሽቦ አጥር በታጠረ ሜዳ በራኬት በምንጫወተው ፓዴል፣ ከቀኝ በኩል የምመታው ሰርቪስ ለረጅም ጊዜ ሲያስቸግረኝ ቆይቶ ሰሞኑን መስመር ያዘልኝ። ኳሱ በተቀባዩ ሳጥን ውስጥ ይነጥርና የጎኑን መስታወት ነክቶ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ተቀባዩ በግድግዳውና በሰውነቱ መካከል ራኬት የሚያስገባበት ክፍተት ያጣል። ከዚህ በፊት ያው ምት፣ በዚያው ጉልበት፣ ሽቦውን እየነካ ጥፋት ይሆን ነበር። ለውጡ የመጣው ሜዳውን በሜትር ለክቼ ካወቅሁ በኋላ ነው። ሰርቪሳቸው ሽቦ እየነካ ለሚቸገሩ ይጠቅማል ብዬ በዝርዝር ልጽፈው ወሰንኩ።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። በፓዴል ኳስ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ ሲሻገር በቅድሚያ ወለል መንካት አለበት። ወለል ሳይነካ መስታወታቸውን ወይም የሽቦ አጥራቸውን በቀጥታ ከመታ ነጥቡ የእነሱ ነው። ወለል ላይ አንድ ጊዜ ከነጠረ በኋላ ግን መስታወት ቢነካም ሽቦ ቢነካም ጨዋታው ይቀጥላል፤ የሚመልሰው ሰው ኳሱ ለሁለተኛ ጊዜ ወለል ሳይነካ መምታት ብቻ ይጠበቅበታል። ከቴኒስ የመጣ ተጫዋች ኳስ ሲያልፈው ነጥቡ ያበቃ እየመሰለው ይቆማል፤ ይህ ልማድ በጥቂት ጨዋታዎች ይለቅቃል።

የማይለቅቀው ግራ መጋባት ሌላ ነው። በተራ ምልልስ ወቅት ሽቦና መስታወት እኩል ስለሚታዩ፣ ሁልጊዜም እኩል ናቸው ብለን እናስባለን። እኩል የማይሆኑባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፦ አንዱ ሰርቪስ ነው፤ ሌላው ደግሞ ኳስን በራስ ግድግዳ አጋጭቶ መመለስ ነው። አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ሰርቪስ በሰያፍ ባለው የተቀባይ ሳጥን ውስጥ ነጥሮ መስታወት ቢነካ ትክክለኛ ነው፤ ተቀባዩ መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ነጥቡን ያጣል። በሳጥኑ ውስጥ ነጥሮ ሁለተኛ ከመንጠሩ በፊት የሽቦ አጥሩን ከነካ ግን ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ሰርቪስ ከሆነ ሁለተኛውን የመምታት ዕድል አለ፤ በሁለተኛው ከሆነ ነጥቡ ይሄዳል። የመሃሉን መረብ ነክቶ ሳጥኑ ውስጥ የወደቀ ሰርቪስ ይደገማል የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ያ ኳስ ከነጠረ በኋላ ሽቦ ከነካ ግን አይደገምም፤ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። ይህችን ነጥብ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች እንኳ ሲስቷት አይቻለሁ።

ታዲያ ኳሱ የትኛውን እንደሚነካ የሚወስነው ምንድን ነው? ሜዳው 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት አለው። በጎን በኩል ያለው መስታወት ከኋላው ግድግዳ ተነስቶ 4 ሜትር ብቻ ይመጣል፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ሜትሮች 3 ሜትር ከፍታ ሲኖራቸው፣ ቀጣዮቹ 2 ሜትሮች ደግሞ ወደ 2 ሜትር ከፍታ ዝቅ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ተጋጣሚው መስታወት ድረስ ያለው የጎን አጥር ሽቦ ነው። አንዱ የሜዳ ክፍል 10 ሜትር ስለሆነ፣ የጎኑ መስታወት የሚጀምረው ከመረቡ 6 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። የሰርቪስ መስመሩ ያለው ከመረቡ 6.95 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ በሰርቪስ ሳጥኑ ጎን ካለው አጥር መስታወት የሆነው የመጨረሻው 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቀሪው 6 ሜትር በሙሉ ሽቦ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዒላማዬ ተለወጠ። ቀድሞ ዓይኔን የማሳርፈው ኳሱ በሚነጥርበት ቦታ ላይ ነበር፤ አሁን የማየው መስታወቱ የሚጀምርበትን ቋሚ ብረት ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ከመረቡ 7 ሜትር ርቄ፣ ከመሃል መስመሩ በግማሽ ሜትር ወደ ቀኝ ቆሜ እመታለሁ እንበል። ኳሱ በሰያፍ ሄዶ ከመረቡ 4 ሜትር፣ ከጎን ግድግዳው ደግሞ 70 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነጠረ። እስከዚያ ድረስ ወደ ፊት 11 ሜትር፣ ወደ ጎን 4.8 ሜትር ተጉዟል። በዚያው አቅጣጫ ከቀጠለ ቀሪዋን 70 ሳንቲ ሜትር ለመጨረስ ወደ ፊት 1.6 ሜትር ያህል ይሄዳል። ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ከመረቡ 5.6 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ሽቦ ነው። ሳጥኑ ውስጥ በሚያምር ሁኔታ ያረፈው ሰርቪስ ጥፋት ሆነ።

አሁን ኳሱ በ1 ሜትር ጠልቆ፣ ከመረቡ 5 ሜትር ላይ ይንጠር፤ ከጎን ግድግዳው ያለው ርቀት አይለወጥ። ወደ ፊት የተጓዘው 12 ሜትር ይሆናል፤ ግድግዳውን የሚነካው ከመረቡ 6.75 ሜትር ላይ ነው። ይህ መስታወት ነው፤ ለዚያውም 75 ሳንቲ ሜትር መጠባበቂያ አለው። ኳሱን ማጥለቅ ካልቻላችሁ ደግሞ 4 ሜትር ላይ ሆኖ ከግድግዳው በ70 ፋንታ በ1 ሜትር ርቀት ይንጠር፤ ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ከመረቡ 6.4 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። በ30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግባቱ ብቻ ሰርቪሱን ከጥፋት ያድነዋል። ብዙ ሰው ሽቦ በነካ ቁጥር ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ይህ ግን ኳሱን ይበልጥ ወደ መረቡ ስለሚያቀርበው ችግሩን ያባብሰዋል። ሽቦ ከነካችሁ ወይ አጥልቁት፣ ወይ ከግድግዳው አርቁት።

የምትቆሙበት ቦታም ይቆጠራል። ከመሃል መስመሩ ርቃችሁ 2.5 ሜትር ወደ ቀኝ ብትቆሙ፣ በ5 ሜትር ጥልቀት የነጠረው ያው ኳስ ግድግዳውን የሚነካው 6.2 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያ 75 ሳንቲ ሜትር መጠባበቂያ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለዚህ ነው ይህን ሰርቪስ ለመምታት ወደ መሃል መስመሩ ተጠግቶ መቆም የሚሻለው።

ስሌቱ ኳሱ በቀጥታ እንደሚሄድ አድርጎ የተሠራ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ኳስ ይታጠፋል። በቀኝ እጅ የሚጫወት ሰው ከጎን እየቆረጠ ሲመታ ኳሱ በአየር ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከቀኝ በኩል በሚመታ ሰርቪስ የተቀባዩ ጎን ግድግዳ ያለው በመቺው ግራ ስለሆነ፣ ኳሱ ወደ ግድግዳው ይበልጥ አግድሞ ይሄዳል፤ ግድግዳውንም ቀድሞ ይነካል። ብዙ ከቆረጣችሁ ከላይ ካሰብኩት የበለጠ መጠባበቂያ ተዉ። እኔ አሁን የምቆርጠው በመጠኑ ነው፤ ጥልቀቱ ሳይስተካከል ሽክርክሪት ማብዛት ጊዜ ማባከን ነው የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። አሠልጣኞች ሽክርክሪቱን አስቀድመው ሲያስተምሩ ስመለከት እናደዳለሁ።

ዳኛ በሌለበት ጨዋታ ኳሱ የትኛውን እንደነካ ለመለየት ጆሮ ከዓይን ይሻላል። መስታወት ድፍን ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ሽቦ ይንቀጫቀጫል፤ ንዝረቱም ኳሱ ከሄደ በኋላ ይቆያል። የሚያስቸግረው ኳሱ ሁለቱ የሚገናኙበትን ብረት ሲመታ ነው። እኛ ከጨዋታ በፊት ተስማምተን፣ አራታችንም እርግጠኛ ካልሆንን ሰርቪሱ ይደገማል እንላለን።

ሁለተኛው ቦታ አጭር ነው። ኳስ አልፎአችሁ ወደ ፊት መምታት ካልቻላችሁ፣ በራሳችሁ የኋላ መስታወት ላይ መትታችሁ ነጥሮ መረቡን እንዲሻገር ማድረግ ይፈቀዳል። ተሻግሮም የተጋጣሚን ወለል አስቀድሞ መንካት አለበት። የራሳችሁን ሽቦ ካስነካችሁት ግን ነጥቡ ጠፍቷል። በጎን በኩል ከመስታወቱ ጫፍ አልፋችሁ ቆማችሁ ሳለ ይህን ምት መሞከር ስለዚህ አይረባም፤ ከጀርባችሁ መስታወት፣ ከጎናችሁ ደግሞ ሽቦ መሆኑን አስታውሱ። በበኩሌ ይህን ምት የመጨረሻ አማራጭ አድርጌ ነው የማየው፤ ኳሱ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎና ፍጥነቱ ቀንሶ ስለሚሻገር መረቡ ላይ ለቆመ ተጋጣሚ ቀላል ሲሳይ ነው።

በምልልስ ውስጥ ኳስ መቀበልን በተመለከተ፣ መስታወት የሚታመን ነው። ከላይ ወደ ፊት እየተሽከረከረ የመጣ ኳስ ከመስታወቱ ሲመለስ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከስር ተቆርጦ የመጣ ደግሞ ዝቅ ብሎ በመስታወቱ አጠገብ ይወድቃል። ስለዚህ ተቆርጦ ለመጣ ኳስ ጉልበቴን አጥፌ፣ ራኬቴን አስቀድሜ ከኳሱ በታች አወርዳለሁ። ይህን ለመለማመድ የምመርጠው ዘዴ ተጋጣሚ አያስፈልገውም፦ ኳሱን በእጅ ወርውሮ ወለል ላይ አንጥሮ ወደ ኋላው መስታወት መላክ፣ ከዚያ ሲመለስ መምታት። በእጅ ሲወረወር ጥልቀቱን መቆጣጠር ስለሚቻል፣ በራኬት ከሚቀበል ልምምድ በጣም ይበልጥብኛል።

ሽቦ ግን አይታመንም። ኳሱ የሽቦውን ገመድ፣ መጋጠሚያውን ወይም የሚይዘውን ቋሚ ብረት እንደነካው መልሱ ይለያያል፤ አንዳንዴ ሞቶ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ወደ ሰውነት ይፈናጠራል፤ በቀዳዳው ካለፈ ወይም ተሰክቶ ከቀረ ደግሞ ነጥቡ የመቺው ነው። «ሁሉንም ኳስ ግድግዳ እስኪነካ ጠብቁ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይወድቃል። ወደ ጎን ሽቦ የሚሄድ ኳስ ካየሁ እንዳይደርስ ቀድሜ ልመታው እሞክራለሁ፤ ከደረሰ ደግሞ ከሽቦው አንድ እርምጃ ርቄ፣ ራኬቴን ዝቅ አድርጌ፣ ሳልወዛወዝ በአጭሩ ለመግፋት እሞክራለሁ። በዚህ በኩል ገና አልተረጋጋሁም፤ በተለይ ኳሱ ቋሚውን ብረት ነክቶ ሲወጣ የምመልሰው ከማጣው ያነሰ ነው። ለዚህ የሚሆን ልምምድ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ከሽቦው ምን ያህል ርቃችሁ እንደምትቆሙ ጭምር ጻፉልኝ።