ቆሟል ወይስ ደርቋል?

«ቆሟል ወይስ ደርቋል?» አሉኝ ጋሼ፣ ስልኬን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው እያዩ።

ደርቋል ሲሉ ባለበት ክችች ብሎ ቀርቷል ማለታቸው ነው። ጥያቄው አናደደኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ የለፋሁበት ፎቶ ነው። የአንድ ሆድ ስድስት የላብራዶር ቡችሎች፣ ልክ ስምንት ሳምንት የሞላቸው፣ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቆመው ተነስተዋል። ስድስቱን ምስሎች ጎን ለጎን ደርድሬ አንድ ገጽ አድርጌያቸዋለሁ። ጋሼ ደግሞ ከስድስቱ መካከል በጣም በምኮራበት፣ አረንጓዴ አንገትጌ ባሰርኩለት ቡችላ ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል።

«ቆሟል እንጂ ጋሼ! አቋሙን አያዩትም?» አልኳቸው።

«አቋሙንማ አያለሁ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ሌላ አልተናገሩም። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን አሁንም ይቆጨኛል።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ የቡችላን አቋም መገምገም በእኛ ሥራ የተለመደ ነው። ብዙ አርቢዎች በዚያ ዕድሜ የሚታየው የአካል ምጣኔ ካደገው ውሻ ጋር ይቀራረባል ብለው ያምናሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ እግሩ ይረዝማል፣ ሌላው ኋላው ከፍ ይላል፤ ለወራት ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ በዚያች ሳምንት የተነሳ ፎቶ ዋጋ አለው። ፎቶ ምንም አያሳይም የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም። ያሳያል፤ የሚያሳየውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ላብራዶር ላይ መጀመሪያ የማየው ክርኑን ነው። በአሜሪካው የዝርያ መመዘኛ ከክርን እስከ መሬት ያለው ርቀት ከትከሻው አናት እስከ መሬት ካለው ግማሽ መሆን አለበት። ፎቶው ላይ ማስመሪያ አስቀምጠህ ትለካዋለህ። ይህ ግን የሚሠራው ሌንሱ በቡችላው ትከሻ ቁመት ልክ ሲሆን፣ አንተም ራቅ ብለህ ስታነሳ ነው። ቆመህ ከላይ ወደ ታች ካነሳኸው ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ እግሩ ያጥራል። ስድስቱንም ከአንድ ቦታ ካላነሳህ ደግሞ የምታወዳድረው ቡችሎቹን ሳይሆን የራስህን አቀማመጥ ነው።

ፀጉርም ያታልላል። ጥቁሮቹ ብርሃኑን ይውጡታል፤ ትከሻው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ቢጫዎቹ ላይ እያንዳንዱ መስመር ስለሚታይ ጉድለታቸውም ይጎላል። በዚያ ቀን ቀይ አንገትጌ ያሰረው ቢጫ ቡችላ ከታጠበ በኋላ በደንብ አልደረቀም ነበር። ጀርባው ላይ ፀጉሩ ተጣብቆ ወገቡ የረገበ አስመሰለው። በእጄ ዳስሼ አየሁት፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ነበር። ያንን በትክክል አውቄ ከፎቶው ሥር ጽፌያለሁ። አረንጓዴው ላይ ግን እጄን አላሳረፍኩም። ምስሉ አማረልኝና በዚያው አለፍኩት።

ምን ነበር ያማረልኝ? የኋላ እግሩ። ጉልበቱ በደንብ ታጥፏል፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው አጥንት ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ወርዷል፣ ሰውነቱም ከወንድሞቹ ረዘም ብሎ ይታያል። አንገቱን አላዞረም፣ አልተቁነጠነጠም። ከሥሩ «ጥሩ የኋላ እግር፣ የተረጋጋ» ብዬ ጻፍኩ። ገጹን ለደንበኞች ላክሁት።

ጋሼ በዚያው ከሰዓት ቡችሎቹን አንድ በአንድ ወደማያውቁት ክፍል አስገቧቸው። ራሳቸው ወለል ላይ ተቀመጡና ትንሽ ቆይተው የቁልፍ ቋጠሮ ከኋላቸው ጣሉ። ሁሉም ደነገጡ። መደንገጡን አይቆጥሩትም፤ የሚቆጥሩት ከድንጋጤ ለመመለስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ነው። ቀዩ ዘለለ፣ ወዲያውም ተመልሶ ቁልፉን ማሽተት ጀመረ። አረንጓዴው ጥግ ገባ። ሁለት ደቂቃ ጠበቁት፣ አልወጣም።

መጥተው ነገሩኝ። «አንድ ቀን በተደረገ ሙከራ ጠባይ አይታወቅም» ብዬ ተከራከርኳቸው። አባባሌ ልክ ነበር። የተናገርኩበት ጊዜ ግን ልክ አልነበረም። «የተረጋጋ» ብዬ የጻፍኩት እኮ በአንድ ቅጽበት ምስል ነው።

አረንጓዴውን ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ወሰዱት። በስልክ ያቺን ቃል ደግመው ጠይቀውኝ ነበር። «አዎ፣ እሱ የተረጋጋ ነው» አልኳቸው። በዘጠነኛው ቀን መልሰው አመጡት። ልጆቹ ሲሮጡ ሶፋ ሥር ይገባል፣ ሲያወጡት ሽንቱ ያመልጠዋል። እናትየው አልተቆጣችም። «ልጆቹ ስም አውጥተውለት ነበር» ብቻ አለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሌሊት የዕለቱን ምስሎች ሁሉ ከፍቼ አየሁ። ከአረንጓዴው ብቻ አርባ ሦስት ምስል አንስቻለሁ። በሌሎቹ ቡችሎች ላይ አብዛኛው የተበላሸ ነው፤ ጆሮ ይወዛወዛል፣ ጭራ ይደበዝዛል፣ አንዱ ከጠረጴዛው ሊወርድ ይሞክራል። የአረንጓዴው ግን ዘጠኝ ተከታታይ ምስሎች ቁርጥ አንድ ናቸው። ሰዓታቸውን አየሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃያ ሰከንድ ገደማ አለ። የስምንት ሳምንት ቡችላ፣ ንቁ ሆኖ፣ ሃያ ሰከንድ ጆሮውን እንኳ ሳያንቀሳቅስ እምብዛም አይቆምም።

ምስሉን አቅርቤ እግሮቹን አየሁ። የፊት ጣቶቹ ተዘርግተው ጠረጴዛውን ቆንጥጠዋል። ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሏል። ያ ያደነቅኩት የጉልበት እጥፋት የመጣው ከዚያ ነው፤ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጉልበቱ ይበልጥ ታጠፈ፣ ትከሻው ዝቅ ሲል ሰውነቱ ረዘም አለ። የአካል ምጣኔ ብዬ የለካሁት ነገር እንኳ ንጹሕ አልነበረም።

ለጋሼ አሳየኋቸው። «አዩ፣ ፈርቶ ነበር» አልኳቸው። የሚስማሙ መስሎኝ ነበር።

«ወይም አዳልጦታል» አሉ። «ጠረጴዛው ላይ ጎማ አንጥፈህ ነበር?»

አላነጠፍኩም። የሚያዳልጥ ጠረጴዛ ላይ ደፋር ቡችላም ጣቱን ይዘረጋል፣ ወደ ኋላም ያፈገፍጋል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ምስሉ ላይ ያለው የሰውነት አኳኋን ነው። ከፍርሃት ይምጣ፣ ከማዳለጥ፣ ከድካም፣ ወይም ከሁሉም፣ ምስሉ አይናገርም። ጠባይ የሚታየው አንድ ነገር ሲደርስበት እና ከዚያ በኋላ በሚሆነው መካከል ነው፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ጎማ አንጥፈን እንደገና አቆምነው። አሥር ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ስለዚህ ልኬቱን ከቀድሞው ጋር ማወዳደር አይቻልም። የጉልበቱ እጥፋት ግን እንደ ወንድሞቹ መካከለኛ ሆኖ ተገኘ። የቁልፉንም ሙከራ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ደገምነው። በሦስተኛው ቀን በግማሽ ደቂቃ ተመልሶ መጣ። ኋላ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ወሰዱት። አሁን በር ሲከፈት ቀድሞ የሚወጣ፣ እንግዳ የሚቀበል ውሻ ነው። ፈሪ ተብሎ ቢጻፍለትም ስህተት ይሆን ነበር።

አሁን ከፎቶ ሥር የምጽፈው የተለካውን ብቻ ነው፤ የክርኑን ቁመት፣ የሰውነቱን ርዝመት፣ በእጄ የዳሰስኩትን ጀርባ። ጠባዩን የሚጠይቀኝን ሰው መጥተህ ወለል ላይ ተቀመጥ እለዋለሁ፣ ከአንድ ቀን በላይም ና እለዋለሁ። አንዳንዱ ይቀየማል፤ ሌላ ቦታ ሄዶ በፎቶ ይገዛል።

ያንን ገጽ አላጠፋሁትም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ስድስቱን አሳየዋለሁና የቱ ጥሩ ቆሟል ብዬ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን የጠየቅኳቸው ሁሉ አረንጓዴውን መርጠዋል። ከዚያ ጣቶቹን አቅርቤ አሳያቸዋለሁ።