የባጃጁ ክርክር

ጎንደር ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ 52 ልጆች አሉት። አሳማኝ ድርሰት ጻፉ ስላቸው «እባካችሁ»ና «ይገባል» ብቻ ይደረድሩ ነበር። ምን ያድርጉ? የሚከራከራቸው ሰው የለም።

ስለዚህ ባላጋራ ሰጠኋቸው። ጉዳዩ ጠዋት ጠዋት የምናየው ነው፦ ባጃጆች ተማሪ በሚገባበት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቁሙ ወይስ አይቁሙ? አራት አራት ሆነው ተቀመጡ። አንዱ ሹፌር፣ አንዷ ወላጅ፣ ሦስተኛው ወሳኙ የቀበሌ ሰው፣ አራተኛዋ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ይቁሙ የሚለውን ልጅ ሆን ብዬ ወላጅ አደረግሁት።

ጭውውቱ ደመቀ። ከጎን ያለው የሒሳብ መምህር ሁለቴ አንኳኳ። ድርሰቱን ስሰበስብ ግን ጉድ ሆንኩ። ግማሹ «ሹፌሩ፦ እኔስ ምን ልብላ?» እያለ ተውኔት ጽፏል። ልጆቹ ከሚናቸው አልወጡም ነበር።

በሌላው ክፍል አካሄዱን ቀየርኩ። ጭውውቱ 12 ደቂቃ ብቻ። ከዚያ 5 ደቂቃ ዝምታ። ሁሉም በራሱ ስም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ የእኔ አቋም፣ ተቃራኒው ወገን የተናገረው ከባዱ ነገር፣ ለእሱ የምሰጠው መልስ። ድርሰቱ የሚጻፈው በማግስቱ ነው፣ ለቀበሌው ሰው በደብዳቤ መልክ።

አንዲት ልጅ መጀመሪያ «ባጃጅ ልጆችን ይገጫል፣ ስለዚህ ይከልከል» ብላ ነበር። በኋላ እንዲህ ጻፈች፦ «ሹፌሮች ጠዋት ካልሠራን ገቢያችን ይጎድላል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የምንጠይቀው ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በሩ ፊት እንዳይቆሙ ብቻ ነው። ተሳፋሪውን ከመታጠፊያው ላይ ያውርዱ።»

እርማቱም አሳፍሮኛል። መጀመሪያ ለትወና 5 ነጥብ ሰጥቼ ነበር፤ ዓይን አፋሮቹን ጎዳኋቸው። አሁን ትወና ነጥብ የለውም። ከ20፣ ለአቋም 4፣ ለምክንያትና ማስረጃ 6፣ ለተቃራኒ ሐሳብ ምላሽ 6፣ ለቋንቋና ሥርዓተ ነጥብ 4።

ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው። «ጥሩ ምላሽ» ብዬ ጽፌ ለባልደረባዬ አምስት ወረቀት ብሰጠው፣ በሦስቱ አልተስማማንም። ስለዚህ ዘረዘርኩት። ተቃውሞው ካልተነሳ 0። ተነስቶ ከታለፈ 2። በማስረጃ ከተመለሰ 4። መልሱ የባላጋራውን ችግር ጭምር ካቃለለ 6። የልጅቷ ደብዳቤ ቀድሞ 0፣ በኋላ 6 አገኘ። ባልደረባዬም ሳይጠይቀኝ 6 ሰጣት።

አንድ ነገር ግን አልተፈታልኝም። የቀበሌውን ሰው የሚጫወተው ልጅ ቶሎ «እሺ» ካለ፣ የዚያ ቡድን ድርሰት ለስላሳ ይሆናል። አሁን ካርዱ ላይ «ሦስት ጊዜ ሳትጠይቅ እንዳትስማማ» ብዬ እጽፍለታለሁ። አንዳንዱ አራተኛም ይጨምራል።