ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠፋው ጥላ

የምሠራበት ቢሮ የሕንፃ ንድፍን ወደ ምስል ይቀይራል። ደንበኞች በብዛት የሚያዙን በድሮን ከፍታ የሚታይ ሬንደር ነው። ቤቱ ገና አልተሠራም። እነሱ ግን ጣሪያውን፣ ግቢውንና ዙሪያውን ከ60 ሜትር ላይ ሆነው ማየት ይፈልጋሉ።

አንድ የአዲስ አበባ የቤት ማኅበር ሌላ ቦታ ያሠራውን ምስል ይዞ መጣ። ቤቶቹ ግቢውን በሦስት በኩል ከበውታል፤ በምዕራብ ክፍት ነው። የልጆች መጫወቻው ከምዕራቡ አጥር ሥር ፀሐይ ሞልቶበት ይታያል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ ሣር ነው። ውጭ አገር ያሉት አባላት አይተው ወደውታል። የኮሚቴው አንድ አዛውንት ግን አልተዋጠላቸውም።

“ልጄ፣ የጎረቤታችን ፎቅ የት ገባ?” አሉኝ፣ በጣታቸው ሣሩን እየነኩ። “ከሰዓት በኋላ እዚህ ጋ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም እኮ።”

“እሺ ጋሼ፣ መጀመሪያ ቦታውን ልየው” አልኳቸው።

ሄጄ አየሁት። ከምዕራቡ አጥር 2 ሜትር ብቻ ራቅ ብሎ ጂ+4 ቆሟል። ድሮን ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም። ስለዚህ ዘበኛውን አስፈቅጄ የሕንፃውን ደረጃ ቆጠርኩ። ከወለል ወለል 18 ዕርከን፣ አንዱ ዕርከን 17 ሴንቲ ሜትር። ይሄ 3 ሜትር ገደማ ነው። በአምስት ወለል 15 ሜትር ይመጣል።

የቀሩትን ጎረቤቶች ከሳተላይት ምስል ላይ ወሰድኳቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሳተላይቱ ብዙ ጊዜ ከአናት ሳይሆን በመጠኑ ከጎን ስለሚያነሳ ረጅም ሕንፃ ተጋድሞ ይታያል። የጣሪያውን ጠርዝ ተከትሎ የሣለ ሰው ሕንፃውን ከቦታው በሜትሮች ያሸሸዋል። መከተል ያለብን ግድግዳው መሬት የሚነካበትን መስመር ነው። ደግሞ የሳተላይቱን ፎቶ እንዲሁ መሬት ላይ ማንጠፍ አይበቃም። ካሜራው ዘንበል ሲል ጎረቤቶቹ እንደ ምንጣፍ ተዘርግተው ይቀራሉ። በግምትም ቢሆን ሁሉም ቁመት ሊኖረው ይገባል። የቆርቆሮው ዝገት፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ፣ በአጥር የተጠጋው ሰርቪስ ቤት ሁሉ መግባት አለበት። ማኅበርተኛው ከመስኮቱ የሚያየው እነዚህን ነው።

ቀጥሎ ፀሐይዋን አስተካከልኩ። ንድፉ ላይ አርክቴክቱ “ታኅሣሥ 12፣ 9 ሰዓት” ብሎ ጽፏል። ከቀኑ ዘጠኝ ማለቱ ነው። የመጀመሪያውን ምስል የሠራው ሰው ሶፍትዌሩ ላይ `09:00` አስገብቷል። ለሶፍትዌሩ ይሄ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ `15:00` ነበር። በጠዋት ፀሐይ ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከግቢው ውጭ ይወድቃል። ስለዚህ ጎረቤቱን ፎቅ ቢጨምረውም እንኳ መጫወቻው በፀሐይ እንደሞላ ይቀር ነበር። ጥላው በየት በኩል እንደወደቀ ከሰሜን ቀስቱ ጋር ቢያስተያየው ወዲያው ያየው ነበር።

በ`15:00` ግን ፀሐይዋ በደቡብ ምዕራብ፣ ከአድማስ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። የ15 ሜትር ሕንፃ 18 ሜትር ጥላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጥላል። ወደ ምሥራቅ ብቻ ስንለካው 13 ሜትር ተኩል ነው። በፎቁና በአጥሩ መሐል ያለው 2 ሜትር ሲቀነስ ጥላው 11 ሜትር ተኩል ያህል ግቢው ውስጥ ይገባል። ግቢው ከአጥሩ እስከ ቤቶቹ 16 ሜትር ነው። ከደቡቡ ጥግ በቀር አብዛኛው ተሸፈነ፤ መጫወቻውም ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ገባ። አዛውንቱ ያሉት ሳይዛነፍ ወጣ።

የቀረው ካሜራው ነበር። የድሮ ምስሉ በጣም ሰፊ በሆነ ሌንስ ስለተሠራ ግቢው የኳስ ሜዳ አክሎ ነበር። እኔ ብዙ ድሮኖች ላይ ከሚገኘው ጋር የሚቀራረብ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወሰድኩ። ካሜራውን 60 ሜትር ላይ ሰቅዬ በ45 ዲግሪ ወደ ታች አየሁ። ከመሐሉ ያለው ርቀት 85 ሜትር ይሆናል። በዚህ ሌንስ የሚታየው ስፋት ደግሞ የርቀቱ አንድ ተኩል እጥፍ፣ 127 ሜትር ገደማ ነው። ግቢው ከነጎረቤቶቹ በልኩ ገባ።

አዲሱን ምስል ኮሚቴው ፊት ስናቀርብ አንዷ አባል ተቃወሙ። “ይሄ እኮ ሰው ያስደነግጣል፤ የከፈሉት ሌላ ነገር አይተው ነው” አሉ። ጭንቀታቸው ገብቶኛል። ግን ቁልፍ የተቀበሉ ቀን ከሚደነግጡ አሁን ቢያውቁት ይሻላል አልኩ፤ አዛውንቱም ደገፉኝ። ውይይቱ ረዘመ። በመጨረሻ መጫወቻው ወደ ምሥራቁ ጫፍ፣ መኪና ማቆሚያው ወደ አጥሩ ሥር እንዲዛወር ተስማሙ። ለአባላቱም ከጠዋቱ አራትና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓትን የሚያሳዩ ሁለት ምስሎች ተላኩ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና የካሜራው ከፍታ በአማርኛ ግርጌው ላይ ተጽፎ።